አፈር ስሆን ክፍያውን ላኩልኝ

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና እንስጥ። የዛሬው ምስጋናዬ ምርቃታችንንና ተረታችንን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ እየገለበጡ ለፈረንጅ ደንበኛ ለሚልኩ የኢሜይል ሊቃውንት ነው። ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ፊደል አይጥሉም። ትርጉሙን ብቻ ነው የሚጥሉት።

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት ጠዋት፣ ቡና ይዤ ተቀምጫለሁ። አንድ የማውቀው ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። ከመንዝ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ እየሰበሰበ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ጸሐፊ ነው። «ጋሼ፣ ፈረንጆቹ ሊከፍሉን አልቻሉም። መቼ እንደምሞት እየጠየቁኝ ነው» አለኝ።

ቡናዬን አስቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ አገር ያለ ገዢ 60 ባና አዝዞ ግማሹን ቀድሞ ከፍሏል። ባናው በሁለት ሳምንት ዘግይቶ ተጫነ። የቀረውን ግማሽ ለመጠየቅ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን በአማርኛ አስጻፈና «አንድ ቃል እንዳትቀንስ» ብሎ ልጁን አዘዘው። አማርኛው ያምር ነበር፦ «ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቅድሚያ ክፍያው እግዜር ይስጥልን። ባናው ትንሽ ዘግይቷል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና። ቀሪውን ሂሳብ አፈር ስሆን ቶሎ ይላኩልን። ክፉ አይንካችሁ።»

ልጁም ታዘዘ። እንግሊዛዊው የደረሰውን ወደ አማርኛ ብንመልሰው ይህን ይመስላል፦ «እሱ ለእኔ ሲል ጤና ይስጥ። ስለ ከፈላችሁት ገንዘብ እግዚአብሔር በእኛ ፈንታ ይስጣችሁ። ብርድ ልብሱ የዘገየው አንዲት የቸኮለች ሴት ስለደፋችና ስለለቀመች ነው። የቀረውን ገንዘብ እኔ አፈር በሆንኩ ጊዜ በፍጥነት ላኩ። ክፉ ነገር እንዳያገኛችሁ።»

ገዢው ጨዋ ሰው ነው። በማግስቱ መለሰ። በመጀመሪያ ስለ ጸሐፊው ጤና ማዘኑን ገለጸ። ቀጥሎ የደፋችው ሴትዮ ተጎድታ እንደሆነ፣ የደፋችውም ባናው ላይ እንደሆነ ጠየቀ። ቅድሚያ ክፍያውን እግዚአብሔር የሚመልስላቸው ከሆነ ውሉ ፈርሷል ማለት ነው ወይ አለ። የመጨረሻዋን መስመር «ማስፈራሪያ እንዳልሆነች ተስፋ አደርጋለሁ» ብሎ አለፋት። ከሁሉ በላይ ግን ሂሳብ ክፍላቸው ከባድ ችግር ገጥሞት ነበር። ክፍያው ሻጩ አፈር ሲሆን ነው የሚፈጸመው። ታዲያ አፈር መሆኑን የሚያረጋግጠው ማነው? ገንዘቡን የሚቀበለውስ የትኛው ወራሽ ነው?

ሊቃችን ደነገጠ? በፍጹም! «አለሁ፣ ሞት ይርሳዎት» ብሎ መለሰ፤ ያውም ቃል በቃል። እኔ አለሁ፤ እናንተን ሞት ይርሳችሁ እንደማለት። ገዢው ይህን ሲያነብ ቀኑ እንደቀረበ ገባው። የሂሳብ ሹሙን ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ሰንጠረዡን ከፍቶ «የክፍያ ቀን» በሚለው ሥር «ሻጩ አፈር ሲሆን» ብሎ ይጽፋል። ሰኞ ሰኞ ያያታል። «እስካሁን አልሆነም» ይላል። ወሩ ሲያልቅ አለቃው ይጠይቀዋል። «ጌታዬ፣ ሰውየው ጠንካራ ነው፤ ደጋ አገር ነው የሚኖረው» ይለዋል። በበዓል ሰሞን «እንኳን አደረሳችሁ» ሲደርሰው ደግሞ ይደነግጣል። ማን ነው ያደረሰን? የትስ ደረስን? ወደ አፈሩ ነው?

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። ይህ ሁሉ ሲሆን መንዝ ውስጥ በእንዝርት ሱፍ የፈተሉ እናቶች ሦስት ሳምንት ብራቸውን ጠብቀዋል። አንዷ እየመጡ «ልጄ፣ ፈረንጁ ካደን እንዴ?» ይሉት ነበር። ፈረንጁ አልካደም። የካዳቸው ከተማ ተቀምጦ፣ እንግሊዝኛ ሳያውቅ «አንድ ቃል እንዳትቀንስ» እያለ የሚያዝ፣ ገንዘቡ ሲዘገይም «ጸሐፊው ነው ያበላሸው» የሚል አለቃ ነው። ያናድዳል። ለራሱ ኩራት ሲል የሰው እንጀራ ያዘገያል።

እሺ፣ ወደ ምስጋናችን እንመለስ።

ሊቃውንቱ የማያዩት አንድ ነገር አለ። «አፈር ስሆን» ስንል ጊዜ አንቆጥርም፤ እንለምናለን። «ስሆን» ውስጥ ያለችውን «ስ» እንግሊዝኛው «ዌን» ብሎ ሲያነባት ልመናው ቀጠሮ ሆነ። «ይስጥልኝ» ውስጥ ሰጪው አልተጠራም፤ እኛ እናውቀዋለን፣ እነሱ «ማነው?» ይላሉ። «የቸኮለች» ደግሞ ሴት ናት፤ ማን እንደሆነች ግን ተረቱ አይነግርም። ለእኛ ማንም ናት። ለእንግሊዛዊው ግን የድርጅቱ ሠራተኛ ናት፤ ያውም ጥንቃቄ የጎደላት።

እነሱም እኮ አላቸው። «ጉድባይ» ድሮ «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ነበር፤ ተጨማድዶ ነው እንዲህ የቀረው። መድረክ ሊወጣ ላለ ሰው «ብሬክ ኤ ሌግ» ይሉታል፤ መልካም ዕድል ማለታቸው ነው። ይህን ቃል በቃል ተርጉሞ «እግርህን ስበር» ብሎ ለመንዝ ሰው የሚጽፍ እንግሊዛዊ ካለ፣ መልሱ በኢሜይል አይመጣለትም።

ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። ለእያንዳንዱ ሐረግ «ይህ እዚህ ምን ሥራ ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ጤና ይስጥልኝ» ሰላምታ ነው። ስለዚህ «ዲር» ብሎ ስሙን መጥራት ይበቃል። «እግዜር ይስጥልን» ምስጋና ነው፤ «ታንክ ዩ ፎር ዘ አድቫንስ ፔይመንት» ሆነ። የቸኮለችው ሴትዮ ይቅርታ ነበረች። እሷን በሰላም ሸኘናትና «ዊ አፖሎጃይዝ ፎር ዘ ዲሌይ» አልን። ግን ይቅርታ ብቻውን አይበቃቸውም፤ ምክንያትና ቀን ይፈልጋሉ። እርጥበት በዝቶ ሱፉ ታጥቦ ቶሎ እንዳልደረቀ፣ 60ውም ባና እንደተጫነ ጻፍን። «አፈር ስሆን» ልመና ነው፤ «ኩድ ዩ ፕሊዝ» ሆነና የቀረው ግማሽ እስከ መጪው ዓርብ እንዲላክ ጠየቅን። ጥያቄውን ከላይ፣ ከምስጋናው ቀጥሎ አደረግነው። እኛ መጨረሻ ላይ የምናመጣውን ጉዳይ እነሱ መጀመሪያ ላይ ይፈልጉታልና።

ልጁ ቅር አለው። «ምርቃቱ በሙሉ ይቅር?» አለኝ። አይቅር። ለእሱና ለቤተሰቡ ጤና እንመኛለን የምትል አንዲት መስመር ከታች ገባች። ማን እንደሚመኝ፣ ለማን እንደሚመኝ ስለሚታወቅ ማንም አይደነግጥም። በሃይማኖት የምታውቁት ሰው ከሆነ «ጎድ ብሌስ ዩ»ም ችግር የለውም። ለባንክ ሠራተኛ ግን ይቅርባችሁ።

ተረትም እንዳይጠፋ ባናው ላይ በምትንጠለጠለው ወረቀት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን አስገባን። ይህ ተረት ባሕር ይሻገራል። ክሩም አንበሳውም በዓይን ይታያሉ፤ ማንም የጠፋ ሰው አይፈለግበትም። «እኛ አገር እንዲህ ይባላል» የምትል መግቢያ ብቻ ጨመርንበት። ሂሳብ በሚጠይቅ ኢሜይል ውስጥ ግን አንበሳም አይግባ።

ክፍያው ሐሙስ ገባ። ልጁ ደወለልኝ። ደስ ብሎታል ብዬ ስጠብቅ ድምፁ ቀዝቀዝ ብሏል።

«ምነው?»

«ገንዘቡስ መጣ ጋሼ። ግን ስለ ጤናዬ መጠየቅ አቆሙ።»