ፈረቃው የተቀየረው ልጁ ትምህርት የጀመረች ሳምንት ነው

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃ ነው፤ ቤቱ ግን ደሴ ነው። እኔም ሲያትል በዚሁ ሙያ ነው የምተዳደረው። ስንደዋወል ሰላምታው እንዳለቀ የምናወራው ስለ ፈረቃ ነው። መስከረም ላይ የነገረኝ ግን ከልቤ አልወጣ አለ።

ክረምቱን ሙሉ የማታ ፈረቃ ነበር፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12። ልጁን አንደኛ ክፍል ሲያስመዘግብ ሐሳቡን የጣለው በዚሁ ላይ ነው። ጠዋት አስረክቦ ሚኒባስ ይይዛል፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ 1 ሰዓት ተኩል ግድም ደሴ ይገባል፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ ልጁን ያደርሳል። ከዚያ ትንሽ ተኝቶ እኩለ ቀን ላይ ያመጣታል። እናቷ ሳዑዲ ናት፤ ቤት ያሉት ዓይናቸው የደከመ አያቷ ብቻ ናቸው።

አንድ የሚያሰጋው ነገር ርክክቡ ነበር። ጥበቃ ሰዓቱ ስለደረሰ ብቻ አይሄድም። ተረካቢው መጥቶ፣ መሣሪያውንና ጥይቱን ቆጥሮ፣ ቁልፍ ተቀብሎ፣ ሌሊት የገባ የወጣውን መኪና ከመዝገቡ አይቶ ካልፈረመ በር አይለቀቅም። ተረካቢው ሃያ ደቂቃ ከዘገየና ሚኒባሱም ቶሎ ካልሞላ፣ ልጅቷ አረፈደች ማለት ነው። ለዚህ ጎረቤት አስጠንቅቆ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የፈረቃ ኃላፊው ደወለና "ከሰኞ ጀምሮ ቀን ነህ" አለው። የቀኑ ጥበቃ ሥራ ለቆ ነው። ልጅቷ የምትጀምረውም ያው ሰኞ ነው። የቀን ፈረቃ ማለት ከንጋቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ከቤት መውጣት፣ ከመሸ መመለስ ነው። ለመነው፤ "አንተን ከለቀቅኩ ማንን ላቁም?" አለው።

የደረሰለት የማታው ባልደረባው ነው። "አብሽር፣ ሰኞ እስከ 4 ሰዓት እኔ እቆያለሁ። ሐሙስ ማታ እኛ ቤት ዱዓ አለ፤ ያን ቀን አንተ ትቆይልኛለህ" አለው። ተስማሙ። ሰኞ ልጁን ይዟት ሄደ። ዩኒፎርሙ ለሚቀጥለው ዓመትም እንዲሆን ሰፋ ተደርጎ የተገዛ ነው፤ እጅጌውን ሁለቴ አጥፎላታል። መምህሯ ስሟን ስትጠይቃት የአባቷንም የአያቷንም ጨምራ ነገረቻት። ይህን ሲያወራኝ ድምፁ ሌላ ነበር። ሐሙስ ደግሞ ዋጋውን ከፈለ፤ እስከ ማታ 4 ሰዓት ቆሞ ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና ስላጣ ጥበቃ ቤቷ ውስጥ አደረ።

እኔን ያስጨነቀኝ መዝገቡ ነው። ሰኞ ጠዋት መዝገቡ ላይ ተረኛው እሱ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ግን ሌላ ሰው። በዚያ መሐል አንድ ጥቅል ጨርቅ ቢጠፋ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው? ሰዓቱም ሌላ ጉድ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስነዋል፤ ትርፍ ሰዓትን ደግሞ በሳምንት ከ12 እንዳያልፍ ይላል። እሱ በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይቆማል። ትርፉ 24 ሰዓት ነው፤ ከተፈቀደው እጥፍ። የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ግን ትርፍ ሰዓት የሚል ነገር የለም።

አገር ቤት ያሉ ወዳጆቼ "እናንተ ጋ ሁሉም በሕግ ነው" ይሉኛል። ሲያትል እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ የዋለ የሥራ መርሐ ግብር ሕግ አላት፤ አሠሪው ፈረቃውን ከ14 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት፣ ከዚያ ወዲህ ከቀየረ ተጨማሪ ይከፍላል። ሕጉ የሚመለከተው ግን 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ቸርቻሪዎችና ምግብ ቤቶች ነው። ቡና ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ የልጇን የሐኪም ቀጠሮ በዚያ መሠረት ትይዛለች። ጥበቃዎች ሕጉ ውስጥ የለንም፤ የእኔ ፈረቃ በስልኬ ላይ ሲቀየር የማየው አንዳንዴ ከዋዜማው ነው። ሕንፃውን ብቻዬን ስለምጠብቅም "አብሽር" የሚለኝ ባልደረባ የለኝም። የሥራ ሰዓቴ ግን እያንዳንዱ ደቂቃ ተመዝግቦ ይከፈለኛል፤ የአክስቴ ልጅ ያጣው ይህን ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር አይገባኝም። ሁለታችንም የጎደለን አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ የሚቀጥለውን ሳምንት አስቀድሞ ማወቅ። ሥራ የለቀቀው ሰው በድንገት ጠፍቶ ከሆነ ኃላፊው ቸግሮት ነው እላለሁ። ነገር ግን ሰውየው መልቀቂያውን ያስገባው ከወር በፊት ነበር።

የአክስቴ ልጅ የወሩ ተራ ከሳምንት በፊት በሩ ላይ እንዲለጠፍ፣ ቅያሬም ሲኖር ሁለቱ ተረኞችና ኃላፊው መዝገቡ ላይ እንዲፈርሙ በጽሑፍ ጠይቋል። ቅያሬውን ኃላፊው ተቀብሎታል፤ የተራው ዝርዝር ግን ገና አልተለጠፈም። እስከዚያው ልጅቷን ስድስተኛ ክፍል የምትማር የጎረቤት ልጅ ታደርሳታለች፤ እሱም የዚያችን ልጅ የደብተር ወጪ ችሏል።