አምስት ትሬድ ከፍታችኋል፣ ውርርዱ ግን አንድ ነው

«አምስት ፔር ላይ ግቡ። እያንዳንዱ ላይ አንድ ፐርሰንት ብቻ ሪስክ አድርጉ። አምስቱም ባንዴ አይሳሳቱባችሁም።»

ይህን ያለው በቴሌግራም ቀጥታ ስርጭት ላይ የነበረ የፎሬክስ፣ የውጭ ምንዛሪ ንግድ፣ አሠልጣኝ ነው። ፔር የሚለው አንዱ በሌላው የሚመነዘር የገንዘብ ጥንድ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ምክሩ በየቻናሉ የሚደጋገም እንጂ የሱ ብቻ አይደለም። ግን ተናድጃለሁ። ካለው ሁሉ በላይ ያናደደኝ ጥንቃቄ መስሎ መቅረቡ ነው። ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የሚጥል ልጅ ቢያንስ ቁማር እየተጫወተ እንደሆነ ያውቃል። ይህን ምክር የሰማ ልጅ ግን ተጠንቅቄያለሁ ብሎ ነው እንቅልፉን የሚተኛው።

የአክስቴ ልጅ እንደዚያ ነበር። ከፍሎ የ10 ሺህ ዶላር የፈተና አካውንት ወሰደ፤ ፈተናውን ያለፈ በድርጅቱ ገንዘብ ይነግዳል የሚባለውን። የፈተናውን ሕግ የሞከራችሁት ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ቀን ውስጥ 5 በመቶ ከከሰርክ አካውንቱ ይዘጋል፣ የከፈልከውም ይቀራል። ቀኑ ዓርብ ግንቦት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ስልኩን አሳየኝ። እንዲህ ይላል፦

```
EURUSD  buy
GBPUSD  buy
AUDUSD  buy
USDCHF  sell
XAUUSD  buy
```

እያንዳንዱ ላይ ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም ኪሳራው እዚህ ሲደርስ ዝጋ የሚል ትእዛዝ፣ አለ። እያንዳንዱ ቢበላ 100 ዶላር ነው። «አንዱ ዩሮ፣ አንዱ ፓውንድ፣ አንዱ አውስትራሊያ፣ አንዱ ስዊዝ፣ አንዱ ወርቅ» እያለ በጣቱ ቆጠረልኝ።

ረፋዱ ላይ ወርቁ ተበላ። የቻይና ማዕከላዊ ባንክ ወርቅ መግዛቱን አቆመ የሚል ዜና ወጥቶ ነበር። ልጁ አልደነገጠም። «አንዱ ሄደ፣ አራቱ አሉ» አለ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የአሜሪካ የሥራ ቁጥር ወጣ። ገበያው 180 ሺህ ገደማ አዲስ ሥራ ነበር የጠበቀው፤ የመጣው 272 ሺህ ነው። ዶላር ተወነጨፈ። የቀሩት አራት መስመሮች አንድ ላይ ቀሉ። ያዘዝነው ሻይ ሳይቀዘቅዝ አራቱም ስቶፕ ሎስ ተነካ። ዜና ሲወጣ ስፕሬዱ፣ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ ስለሚሰፋ፣ ትሬዶቹ የተዘጉት ከተቀመጠላቸው ትንሽ በባሰ ዋጋ ነው። ድምሩ 512 ዶላር ሆነ። አካውንቱ ተዘጋ።

አሁን እነዚያን አምስት መስመሮች መልሳችሁ እዩአቸው። ዩሮ በዶላር መግዛት ማለት ዶላር ሸጦ ዩሮ መያዝ ነው። ፓውንዱም እንደዚያው፣ የአውስትራሊያውም እንደዚያው። `USDCHF` ላይ ሴል ማለት ደግሞ ዶላሩን ሸጦ የስዊዝ ፍራንክ መያዝ ነው። ስክሪኑ ላይ አራት ባይ እና አንድ ሴል ስለሚታይ ልጁ ሁለቱንም ወገን የያዘ መስሎታል። ወርቅም በዶላር ነው የሚተመነው። የራሱ ዜና አለው፤ የዚያን ቀን ረፋድ የመታውም የራሱ ዜና ነው። በ9 ሰዓት ተኩሉ ግን እሱም ከሌሎቹ ጋር ወርዷል፤ ረፋዱን ቢተርፍ ኖሮ ያኔ ይበላ ነበር። ልጁ አምስት ጊዜ ያለው አንድ ነገር ነው፤ «ዶላር ይወድቃል»። አንድ ፐርሰንት ሪስክ አላደረገም። በአንድ ሐሳብ ላይ አምስት ፐርሰንት አድርጓል። የፈተናው ሕግ አንድ ቀን ላይ የሚፈቅደውን በሙሉ ማለት ነው።

«አምስቱም ባንዴ አይሳሳቱም» የሚለው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከሳንቲም ነው የመጣው። አምስት ሳንቲም ወርውሩ። አምስቱም ጎፈር የመሆናቸው ዕድል ከ32 አንድ ነው፣ ማለትም 3 በመቶ ገደማ። ስለዚህ እያንዳንዱ ትሬድ ግማሽ በግማሽ ቢሆን እንኳ አምስቱም ባንድ ቀን የሚበሉት ከ32 ቀን አንዱን ነው ይላሉ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ለሳንቲም። አንዱ ሳንቲም ሌላው እንዴት እንደወደቀ አያውቅም። የአክስቴ ልጅ ግን አምስት ሳንቲም አልወረወረም። አንድ ሳንቲም ወርውሮ ውጤቱን ከአምስት ወንበር ላይ ሆኖ ነው ያየው። ያኔ አምስቱም ባንዴ የሚበሉበት ዕድል ከሁለት አንድ ይሆናል። 3 በመቶና 50 በመቶ! ይህን ልዩነት ሳይናገር ለሺህ ሰው ምክር የሚሰጥ ሰው ወይ አያውቀውም ወይ ደንታ የለውም። የትኛው እንደሚብስ እኔ አላውቅም።

እርግጥ ፔሮቹ ፍጹም አንድ አይደሉም። ፓውንድ የእንግሊዝ የራሱ ዜና አለው፤ የአውስትራሊያው ቻይናንና ብረትን ያያል። እሺ፣ ያንንም እንቁጠረው። በመካከላቸው ያለው ትስስር፣ ኮሪሌሽን የሚባለው፣ በአማካይ 0.7 ነው እንበል። አምስት ትሬድ ስንት የተለያየ ውርርድ እንደሚሆን ለማወቅ 0.7ን በ4 አባዙ፣ 1 ደምሩ፤ 3.8 ይመጣል። 5ን ለ3.8 አካፍሉት። 1.3 ነው። አምስት ቦታ ስፕሬድ ከፍላችሁ፣ አምስት ቻርት ላይ ዓይናችሁን አፍጥጣችሁ የያዛችሁት አንድ ውርርድና ከሌላው ላይ ቁራሽ ነው። ትስስሩ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው አምስቱ አምስት የሚሆኑት።

ገበሬው ይህን ከማንም አሠልጣኝ ቀድሞ ያውቀዋል። አምስት ማሳ ያለው ሰው አምስቱም አንድ ወንዝ ዳር ከሆኑ ጎርፍ ሲመጣ ባለአንድ ማሳ ነው። ደጋም ቆላም የሚያርሰው ለዚህ ነው።

አሠልጣኙ ከዚያ አንድ ተማሪ ዶላሩን ሲያነሳበት ሁለተኛ ምክር ጨመረ። ዶላር የሌለባቸውን ቀላቅሉ፣ የኮሪሌሽን ሰንጠረዥ ከፍታችሁ ቁጥሩ ዝቅ ያለውን ምረጡ አለ። ይህ ከመጀመሪያው የተሻለ ይመስላል። ለእኔ ግን የበለጠ የሚያስፈራው ይህ ነው።

የአክስቴ ልጅ አካውንት ከተዘጋ ሁለት ወር ሳይሞላ የሆነውን አስታውሱ። አንድ ሰው የጃፓንን የኒኬይ አክሲዮን ገዝቷል። የአውስትራሊያን ዶላር በየን ገዝቷል። የሜክሲኮን ፔሶ በየን ገዝቷል። ቢትኮይንም ይዟል እንበል። የቶኪዮ ፋብሪካ፣ የአውስትራሊያ ማዕድን፣ የሜክሲኮ ወለድ፣ ክሪፕቶ። ከዚህ በላይ የተለያየ ነገር ማን ያመጣል?

የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ሐምሌ 24 ቀን ወለዱን ወደ 0.25 በመቶ ከፍ አደረገ። ዓርብ ሐምሌ 26 ደግሞ የአሜሪካ የሥራ ቁጥር ደካማ ሆኖ መጣ፣ ሥራ አጥነቱም 4.3 በመቶ ሆነ። ሰኞ ሐምሌ 29 ኒኬይ በአንድ ቀን 12.4 በመቶ ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 ወዲህ እንዲህ ያለ የአንድ ቀን ውድቀት አልታየም ነበር። ሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ ወደ 162 የን ይጠጋ የነበረው ዶላር ያን ቀን ከ142 በታች ወረደ። ፔሶው በየን ሲመነዘር ተንኮታኮተ። ቢትኮይን ከ50 ሺህ ዶላር በታች ገባ።

ቢትኮይንን ከጃፓን ባንክ ጋር ምን አገናኘው? ብድር ነው። ለዓመታት የን በርካሽ እየተበደሩ ሌላ ነገር መግዛት ትልቅ ንግድ ነበር። አንድ ሰው ዶላር 162 የን በነበረ ጊዜ 16.2 ሚሊዮን የን ተበደረ እንበል። 100 ሺህ ዶላር ይሆንለታል፤ የፈለገውን ገዛበት። ዶላር 142 የን ሲሆን ያንኑ ብድር ለመመለስ 114 ሺህ ዶላር ያስፈልገዋል። የገዛው ዕቃ ሳንቲም ሳይወርድ ዕዳው በ14 ሺህ ዶላር አደገ። አበዳሪው ተጨማሪ መያዣ አምጣ ይለዋል። ያኔ ምን ይሸጣል? መሸጥ የሚቻለውን ሁሉ። ጥሩውንም መጥፎውንም፣ አክሲዮኑንም ክሪፕቶውንም። እሱ ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል፤ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ሌላው፣ ብድር የሌለበት ሰው እንኳ፣ ደንግጦ ይሸጣል።

ሰንጠረዡ ይህን አያሳይም። ሰንጠረዡ የሚለካው ዋጋዎቹ ትናንት አብረው ተንቀሳቅሰው እንደሆነ ነው። ማን በማን ብድር እንደገዛቸው አይለካም። ገበያው ሰላም ሲሆን ፔሶ በራሱ መንገድ፣ ቢትኮይን በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ ቁጥሩም ዝቅ ይላል። የያዛቸው ሰው ሲጨነቅ ግን ሁሉም ባንድ በር ነው የሚወጡት። የጥበቃው ቁጥር እጅግ ያማረው ጥበቃው በማያስፈልግበት ሰሞን ነው። ባለፈው ሦስት ወር ሰንጠረዥ ተማምኖ የትሬድ መጠን መጨመር ድርቅ ባልነበረበት ዓመት የተለካ ጉድጓድ ይዞ ድርቅን መጠበቅ ነው።

ማድረግ የሚቻለው ነገር ደግሞ ከባድ አይደለም። ትሬድ ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። እያንዳንዱን መስመር ለሁለት ክፈሉት፤ የገዛችሁት አንድ ወገን፣ የሸጣችሁት አንድ ወገን። ከዚያ በሸጣችሁት ወገን ዶላር ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቁጠሩ። አምስት ጊዜ ከሆነ ያላችሁ አንድ ትሬድ ነው። አንድ ፐርሰንት ነው የምትችሉት ካላችሁ አንዱ ፐርሰንት ለአምስቱ ይከፈላል፤ በ10 ሺህ ዶላር አካውንት ላይ ለእያንዳንዱ 20 ዶላር። ያ ትንሽ ከመሰላችሁ አምስቱን ትታችሁ ቻርቱ ከሁሉም የሚያምረውን አንዱን ብቻ ያዙ። አቅጣጫውንም እዩ። ዩሮ በዶላር ገዝታችሁ በዶላር ሲተመን እኩል የሆነ ፓውንድ ከሸጣችሁ ዶላሩ ይጣፋል፤ የቀራችሁ ዩሮ ከፓውንድ ይበልጣል የሚል ውርርድ ነው። ያም ቢሆን አንድ ውርርድ እንጂ ሁለት አይደለም።

ወረቀቱ የማይይዘው የየኑ ዓይነት ነው። ለሱ አንድ ጥያቄ አለ፤ «እነዚህን ሁሉ ባንድ ቀን የሚገድል ዜና የትኛው ነው?» ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተመለሰ፣ ከዚያ ዜና በፊት የሁሉም ስቶፕ ሎስ ቢበላ የምትከስሩትን ደምሩ። ሪስካችሁ ያ ድምር ነው። ሌላ ሪስክ የላችሁም።

የአክስቴ ልጅ አሁን ወረቀቱን ይጽፋል። የጠፋውን ግን ማንም አልመለሰለትም። አሠልጣኙ ያንን ስርጭት አሁንም ቻናሉ ላይ ፒን አድርጎት አለ፤ ትናንት ማታ ስመለከት ከሥሩ አዳዲስ ልጆች «እናመሰግናለን» እያሉ ይጽፋሉ። የሚቀጥለው የአሜሪካ የሥራ ቁጥር ከመውጣቱ በፊት ያውርደው። ካላወረደው፣ የራሱን አምስት መስመሮች በዚያው ሰዓት በቀጥታ ከፍቶ ያሳያቸው።