ፋሲል ግንብ ያልገባበት የጥሪ ካርድ

የአጎቴ ልጅ ጥር ላይ ልታገባ ነው፤ ሙሽራው ፈረንጅ። ከዘመድ ኮምፒውተር የሚነካ እኔ ብቻ ስለሆንኩ የጥሪ ካርዱ እኔ ላይ ወደቀ። «አማርኛውም እንግሊዝኛውም አንድ ላይ ይሁን፣ ከጀርባው ግንቡ ይታይ» አሉ ጋሼ። ጎንደር ውስጥ ግንብ የሌለበት ካርድ ካርድ አይባልማ!

መጀመሪያ አንድ መስመር አማርኛ፣ ከሥሩ አንድ መስመር እንግሊዝኛ አደረግኩት። ዓረፍተ ነገሮቹ ግን አብረው አይሄዱም። እኛ «ጠርተንዎታል» የምንለው መጨረሻ ላይ ነው፣ እነሱ ደግሞ ገና ሲጀምሩ ጠርተው ጨርሰዋል። ስለዚህ «ጥር 17» የሚለው ሥር የሙሽራው እናት ስም መጥቶ ቁጭ አለ። ተውኩት። ታጣፊ ካርድ አደረግኩና ግራውን ለአማርኛ፣ ቀኙን ለእንግሊዝኛ ሰጠሁ።

ሁለቱንም በ12 ቁጥር ጻፍኩ። ምን ልበላችሁ፣ አማርኛው ይጮኻል፣ እንግሊዝኛው ያንሾካሹካል። የላቲን ትንንሽ ፊደላት አጫጭር ናቸው፤ ከመሃላቸው አንዳንዱ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። የኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ ብሎ ነገር አያውቅም፣ ሁሉም እንደ ሰልፈኛ እኩል ቆሟል። አማርኛውን ወደ 11 አወረድኩና መስመሮቹን ራቅ ራቅ አደረግኳቸው። ቁጥሩ እንደ ፎንቱ ይለያያል፤ እኔ ወረቀቱን ራቅ አድርጌ በዓይኔ ነው የመዘንኩት።

ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤት። ጋሼ ወርቃማ ቀለም ፈለጉ፣ እኔም የአድራሻውን ጽሑፍ 7 ቁጥር አድርጌው ነበር። ለናሙና አንድ አስወጣሁ። «ቤ» እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት በቀለም ተሞልታ «ቢ» መስላለች! አክስቴ መነጽራቸውን አጥልቀው «ቢተሰብ ምንድን ነው?» አሉኝ። አድራሻውን 9 አድርጌ ቀለሙን ጥቁር አደረግኩት፤ ወርቃማው ለሙሽሮቹ ስም ብቻ ቀረ።

ዋናው ጣጣ ግን ሰዓቱ ነው። አማርኛው «እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 6 ሰዓት» ይላል። እንግሊዝኛውን የተረጎመው ልጅ 6ቱን እንዳለ ገልብጦታል። የሙሽራው እናት በጠዋት 12 ሰዓት መጥተው ድንኳን ሲተከል ሊያግዙ ነበር! በእንግሊዝኛው በኩል 12 ሰዓት ቀትር አልኩና ቀኑን ጃንዋሪ 25 2026 አልኩት። ሁለቱን አቆጣጠር ግን አንድ ገጽ ላይ አላጎራበትኩም፤ እያንዳንዱ ገጽ የራሱን ብቻ ይዟል።

«ግንቡስ?» አሉ ጋሼ። ከጽሑፉ ጀርባ አስገብቼ አሳየኋቸው፤ የሙሽራዋ ስም ከድንጋዩ ጋር ተደባልቆ አይነበብም። ዝም ብለው አዩት፣ አዩት።

«እንግዲያው ፖስታው ላይ አድርገው» አሉኝ።