የአሥር ደቂቃ ምሳ

ሜሪላንድ ውስጥ በምሠራበት የዕቃ መጋዘን የምሳ ዕረፍታችን 30 ደቂቃ ነው። እስከ መመገቢያ ክፍሉ መሄጃውን፣ ማይክሮዌቭ ፊት የምንሰለፍበትንና ወደ ሥራ መመለሻውን ስቀንስ ለመብላት የሚተርፈኝ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያች አሥር ደቂቃ ከቤት የቋጠርኩትን ሁለት እንጀራ ከነወጡ እጨርስና፣ አልጠግብ ይለኝና ከመሸጫ ማሽኑ ቺፕስና ለስላሳ እጨምር ነበር። ሥራ ከጀመርኩ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀበቶዬ ይጠብቀኛል፣ ሆዴ ይወጠራል፣ ዓይኔ ይከብዳል። መጥገቤን የማውቀው ያኔ ነው። ቺፕሱን ስገዛ ግን በእውነት ርቦኝ ነበር።

አዲስ አበባ ሄጄ እናቴ ቤት ሦስት ሳምንት ስከርም ያው እንጀራ፣ ያው ሽሮ ነበር የምበላው። አንድ እንጀራ ተኩል ሳይሞላ ግን እጄን እሰበስባለሁ። መጀመሪያ አየሩ ወይም ናፍቆቱ ነው ብዬ ነበር፤ በኋላ ሰዓቴን ስመለከት ማዕዱ ከ40 ደቂቃ በላይ እንደሚወስድ አስተዋልኩ። እጅ እንታጠባለን፣ ትሪው ይቀርባል፣ ይጸለያል፣ ታላላቆች እስኪቆርሱ ይጠበቃል። ወሬ ሲነሣ ደግሞ የቆረስነው በእጃችን እንደተያዘ ይቆያል።

ሆድ መሙላቱን ለአንጎል የሚነግረው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ፈጣኑ መንገድ የጨጓራ መለጠጥ ነው፤ ግድግዳው ሲወጠር ቬገስ የሚባለው ነርቭ ወሬውን ወደ አንጎል ግንድ ያደርሳል። ይህ ከመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች ጀምሮ ይሠራል፣ ብቻውን ግን ብዙ ጊዜ እጅ አያስሰበስብም። ሌላው መልእክት የሚነሣው ምግቡ ከጨጓራ ወጥቶ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ነው። ስብና ፕሮቲን ሲነካው የአንጀቱ የላይኛው ክፍል ኮሌሲስቶኪኒን የተባለ ሆርሞን ይለቃል፤ በተለይ ወደ ታች ያለው ክፍል ደግሞ ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ የተባሉትን ያመነጫል። ዛሬ ስማቸው የገነነው የክብደት መቀነሻ መርፌዎች የሚመስሉት ይህን ጂኤልፒ-1 ነው። እነዚህ ሆርሞኖች ቀስ በቀስ እየጨመሩ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት አልፎም ከፍ ይላሉ። ስለዚህ ጥጋብ እስኪሰማ ይፈጃል እየተባለ ሰው ሁሉ የሚጠቅሳት «20 ደቂቃ» ግምት ናት እንጂ ደውል አይደለችም። የእኔ ምሳ ግን በአሥር ደቂቃ ያልቃል፤ መልእክተኞቹ መንገድ ላይ እያሉ እኔ ማሽኑ ጋ ደርሻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የግሪክ ጥናት ይህን በአይስክሬም ሞክሮት ነበር። 17 ጤነኛ ወንዶች 300 ሚሊ ሊትር አይስክሬም አንድ ቀን በ5 ደቂቃ፣ ሌላ ቀን በ30 ደቂቃ በሉ። ቀስ ብለው በበሉበት ቀን ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ በደማቸው ውስጥ ከፍ ብለው ተገኙ። መጠኑ አስቀድሞ የተወሰነ ስለነበር ጥናቱ ማን አብዝቶ እንደሚበላ አልለካም፤ ያሳየው መልእክቱ ራሱ በፍጥነታችን እንደሚለዋወጥ ነው።

የአገር ቤቱን ማዕድ ግን እንዳለ ላሞግሰው አልችልም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድ ትሪ ለስድስት ስንካፈል የዘገየ ይራብ ነበርና በጥድፊያ መብላትን የለመድኩት እዚያው ነው። እናቴ ቤትም ማዕዱ ረጋ ያለ ቢሆንም፣ ልክ ጥጋቡ ሲደርስልኝ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ይመጣል። ሰውነት በሰዓቱ የነገረንን ፍቅር ይሽረዋል። አክስቴ ሦስተኛውን ጉርሻ ስትዘረጋልኝ በሁለት እጄ ተቀብዬ ትሪው ላይ ማሳረፍ ተምሬያለሁ፤ ቅር አላላትም።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ማኘኬን እየቆጠርኩ ልበላ ሞከርኩ። በሁለተኛው ቀን ተውኩት፤ ወጥ የጠጣ እንጀራ ሳይታኘክ ነው የሚወርደው፣ ሰዓቱም አይፈቅድም። ያዋጣኝ ምሳውን መክፈል ነበር። በጠዋቱ የ15 ደቂቃ ዕረፍት ግማሽ እንጀራ በምስር እበላለሁ፤ ምሳ ላይ አንድ እንጀራ ብቻ። ምሳ ስቀመጥ የጠዋቱ ምግብ አንጀት ደርሶ ሥራውን ጀምሯል። አሁንም «ትንሽ ብጨምር» የሚለው ስሜት ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ እስካለው ዕረፍት አቆየዋለሁ፣ ያኔም ከራበኝ እበላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ ዕረፍት ሲደርስ ረሃቡ የለም። እንዲህ ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ፤ ከማሽኑ የገዛሁት ሦስቴ ነው፣ ሁለቱ የምሳ ዕቃዬን ቤት ረስቼ የወጣሁባቸው ቀናት ናቸው።