ለማይነበበው ጽሑፍ እጥፍ ይከፈለኛል

«ወንድሜ፣ ኪወርዱ `office chair` ነው። 2000 ቃል። ኪወርዱ 40 ጊዜ ይግባ፣ በየንዑስ ርዕሱም ይኑር። ለሐሙስ።»

ብሪፍ፣ ማለትም ለጸሐፊ የሚሰጥ የሥራ መመሪያ፣ ይሄ ነው። ሙሉው ነው፣ የቀረ ገጽ የለውም። ለማን እንደሚጻፍ የለም። አንባቢው ምን ቸግሮት እንደመጣ የለም። ሰውዬው ወንበር ይሸጣሉ፣ እኔ ደግሞ በኢንተርኔት ፍለጋ እንዲገኙ የሚፈለጉ ጽሑፎችን ለደንበኞች ጽፌ እኖራለሁ። ኪወርድ የምንለው ሰው ጉግል ላይ ሲፈልግ የሚጽፈውን ቃል ነው። በመካከላችን ያለው ውል በቃል ነው። «በቃል» ስል በአፍ ማለቴ አይደለም፤ ቃል ተቆጥሮ ነው የሚከፈለኝ። የዛሬው ብሶቴም ከዚሁ ይጀምራል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 2000ን ለ40 ስናካፍል 50 ይመጣል። በየ50 ቃሉ አንዴ «የቢሮ ወንበር» ልል ነው። ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር በሄድኩ ቁጥር ማለት ነው። ስለ ጓደኛችሁ ስታወሩ በየአፍታው ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ትጠራላችሁ? ሰሚው «ይሄን ሰው ምን ነካው?» ነው የሚለው። ጉግልም ኪወርድ መጠቅጠቅን በደንቡ ላይ በስሙ ጠርቶ ከአጭበርባሪ ዘዴዎች ጋር መድቦታል። 40 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ስጠይቅ «አንድ ቪዲዮ ላይ አይቼ ነው» አሉኝ።

እሱስ ይሁን። 40ውን ጊዜ ለምኜ ወደ 10 አወርደዋለሁ። ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

እኔ አንድም ቃል ከመጻፌ በፊት የማደርጋት ነገር አለች። ፍለጋዬን የማያስታውስ የግል መስኮት እከፍታለሁ፣ ኪወርዱን ጉግል ላይ እጽፋለሁ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። በቃ። 10 ደቂቃ አይፈጅም፣ ገንዘብም አያስወጣም። `office chair` ብዬ ስጽፍ የመጣው ምንድን ነው? ማስታወቂያ። ከሥሩ ፎቶና ዋጋ። ከዚያ ሱቅ፣ ሱቅ፣ ሱቅ። ትልልቅ የገበያ ድረ ገጾች ወንበሮቻቸውን የደረደሩባቸው ገጾች። ቁጭ ብላችሁ የምታነቡት ጽሑፍ ፍለጋ ወደ ታች ብትወርዱ ጣታችሁ ነው የሚደክመው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይህን ቃል የሚጽፍ ሰው ወንበር ማየትና ዋጋ ማወዳደር ነው የፈለገው። ስለ ወንበር ታሪክ 2000 ቃል የሚያነብበት ትዕግሥት የለውም። ጉግልም ይህን ስላየ ሱቅ ያቀርብለታል። እኔ የዓለምን ምርጥ ጽሑፍ ብጽፍ ገበያ ለወጣ ሰው ድርሰት እንደማንበብ ነው። ለዚያ ቃል መሥራት ያለበት የደንበኛዬ የራሱ ወንበሮች የተደረደሩበት ገጽ ነው። እኔ የምጽፈው ጽሑፍ ቢሳካ እንኳ ከዚያ ገጽ ጋር ለአንድ ቃል ሊሻማ ነው።

ይህን ሁሉ በትሕትና ጻፍኩላቸው። የገጹንም ምስል አያያዝኩ። መልስ መጣ።

«ገባኝ። ከባድ ስለሆነ ነው አይደል? እንግዲያው `how to sit at a desk` ላይ ጻፍልኝ። ኪወርድ ፕላነሩ ላይ ውድድሩ `Low` ይላል።»

እዚህ ጋ ነው ስልኬን አልጋ ላይ የወረወርኩት። (ግድግዳው ላይ አላልኩም። በቃል የሚከፈለው ሰው ስልክ አይሰብርም።)

ኪወርድ ፕላነር ለማስታወቂያ ገዢዎች የተሠራ መሣሪያ ነው። እዚያ ላይ `Competition` የሚለው አምድ የሚናገረው በዚያ ቃል ላይ ማስታወቂያ ለማስነገር ስንት ከፋይ እንደሚሻማ ነው። በጽሑፍ አንደኛ ገጽ ላይ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ አንድም ነገር አይነግራችሁም። `Low` ያለው ስለ አቀማመጥ ከሚጠይቅ ሰው ላይ ብዙ ነጋዴ ብር ማፍሰስ ስላልፈለገ ነው። ጉግል ላይ ስፈልገው ግን የመጀመሪያውን ገጽ የያዙት ስማቸው የገነነ የጤና ተቋማት ናቸው። የኔ ሰውዬ ወንበር ሻጭ ናቸው። ስለ አከርካሪ አጥንት ከሐኪም ቤት ጋር ሊከራከሩ ነው። ይህን አምድ ተሳስቶ ያነበበ ደንበኛ ስንት እንደገጠመኝ መቁጠር ትቻለሁ።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ለዚህ መልሱ መሣሪያ ውስጥ አልነበረም። «ደንበኞችዎ ደውለው በብዛት የሚጠይቁት ምንድን ነው?» አልኳቸው። እሳቸው አያውቁም። ስልክ ከምታነሳው ልጅ አገናኙኝ። እሷ አንድ ሰከንድ እንኳ አላሰበችም። «ወንበሩ ተቀምጬበት በራሱ ይወርዳል የሚሉት ናቸው ያስመረሩኝ» አለችኝ።

ወርቅ ማለት ይሄ ነው! ጉግል ላይ `office chair keeps` ብዬ ስጀምር ቀሪውን ራሱ ሞላው፤ `sinking` አለ። ገጹን ከፈትኩት። ሱቅ የለም ማለት ይቻላል። ቪዲዮ አለ። የተቸገሩ ሰዎች የሚጠያየቁባቸው ገጾች አሉ። ሁለት ሦስት አጫጭር ጽሑፎች አሉ፤ አንዱም ምክንያቱን በቅጡ አይናገርም። እዚህ ቦታ ላይ ትንሽ ድረ ገጽም መግባት ይችላል። ደግሞ ሰውዬው መለዋወጫውን ይሸጣሉ። ወንበሩን ከፍ አድርጎ የሚይዘው በጋዝ የተሞላው ሲሊንደር ነው። ውስጡ ያለው ማሸጊያ ሲያልቅ ጋዙ ያፈተልካል፣ ወንበሩም ቀስ እያለ ይወርዳል። ሲሊንደሩ ይቀየራል እንጂ ተከፍቶ አይጠገንም፤ ውስጡ ግፊት ስላለ አደገኛም ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ወይ ሲሊንደር ይገዛል፣ ወይ «በቃ አዲስ ወንበር» ይላል። ሁለቱም እሳቸው ጋ አለ።

የምፈልገውን ብሪፍ ራሴ ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ ነው። ፈላጊው ማን ነው? አሁን ወንበሩ የወረደበት፣ የተናደደ ሰው። መጀመሪያ ምን ይነገረው? ለምን እንደሚወርድ፣ በሁለት ዐረፍተ ነገር፣ ያለ መግቢያ። ቀጥሎ ሲሊንደሩ መበላሸቱን ወይስ ማንሻው ተጣብቆ መሆኑን እንዴት ይለያል። ከዚያ አዲሱን ከመግዛቱ በፊት የትኛውን ልኬት ይውሰድ። ወደ የትኛው የሱቁ ገጽ ይሸኝ። በድረ ገጹ ላይ ስለዚሁ ጉዳይ የተጻፈ ሌላ ገጽ አለ ወይ? (አንድ ነበር፣ አራት መስመር። ከአዲሱ ጋር እንዳይጋጭ አዋህደነዋል።)

ሰውዬው ያዩት ቃሉን የሚፈልገውን ሰው ብዛት ብቻ ነው። «በወር ከ100 እስከ 1000? ይሄማ ቀልድ ነው። `office chair` እኮ ብዙ ሺህ ነው!» አሉ። ብዙ ሺህ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሱቃችሁ ከኋላ ጓሮ ከሆነ ብዛቱ ምን ያደርጋል? እንዲያም ሆኖ ተስማማን። ሁለቱም ይጻፉ አሉ። የእሳቸው 2000 ቃል፣ የኔዋ 900።

የክፍያው ነገር እዚህ ጋ ነው። 2000 ቃሉን አንድ ቀን ተኩል ውስጥ ጨረስኩት። ውሃ መሙላት ነው፤ «የቢሮ ወንበር ለቢሮ ሠራተኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» ዓይነት። 900ዋ ሦስት ቀን ወሰደች። ፍለጋው፣ ከልጅቷ ጋር ማውራቱ፣ ብሪፉ፣ የማይረባውን እየቆረጡ ማሳጠሩ። ለቆረጥኩት ቃል ማን ይከፍለኛል? እንዲያውም በቆረጥኩ ቁጥር ከኪሴ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለማይነበበው ጽሑፍ ከእጥፍ በላይ ተከፈለኝ። ርዕሱን ያየ ሰው እያማረርኩ መስሎት ይሆናል፤ ደረሰኙ ላይ ያለ ሒሳብ ነው።

«ለምን እንዲህ ካለ ደንበኛ ጋር ትሠራለህ?» ትሉኝ ይሆናል። ያገኘሁት በብሎጌ ነው። ቤት ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ስጠግን የገጠመኝን የምጽፍበት ብሎግ አለኝ። ለደንበኛ የምጽፈው ሁሉ በእነሱ ስም ስለሚወጣ «የኔ ነው» ብዬ ማሳየት አልችልም። የማሳየው የራሴን ብሎግ የሰርች ኮንሶል ገጽ ነው፤ ድረ ገጽ ጉግል ላይ በየትኛው ቃል ስንተኛ ሆኖ እንደወጣና ስንት ጊዜ እንደተጫነ የሚያሳይ የጉግል መሣሪያ ነው። ይህን ቃል መርጬ፣ እንዲህ ጽፌ፣ በዚህን ያህል ወር እዚህ ደረጃ ደረሰ እላለሁ። ሥራ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። የሚገርመው ግን ብሎጉን አይቶ የመጣው ሰው ራሱ ብሎጉ ላይ ያደረግሁትን እንዳደርግለት አይፈቅድም። ከዚህ በፊት ደግሞ አንዱ «ችሎታህን ለማየት» ብሎ 1500 ቃል በነፃ አስጽፎኝ፣ «አልተመረጥክም» ብሎኝ፣ ጽሑፉን ድረ ገጹ ላይ ለጥፎት አገኘሁት። ኮማው ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ለሙከራ የምልከው የብሎጌን ሊንክ ብቻ ነው።

ወደ ወንበሩ ልመለስ። ከአምስት ወር በኋላ የሰውዬውን ሰርች ኮንሶል ከፈትነው። የ2000 ቃሉ ጽሑፍ አማካይ ደረጃው 68 ነው። ሰባተኛ ገጽ አካባቢ ማለት ነው። የተጫነው ደግሞ ዜሮ ጊዜ። የኔዋ 900 ቃል አምስተኛ ደረጃ ላይ ነበረች፣ በዚያ ወር ብቻ 412 ጊዜ ተጭናለች። የመጡባቸውን ቃላት ሳይ መሣሪያው ጨርሶ ያላሳየኝ ሞልቷል። «ወንበሬ ለምን በራሱ ይወርዳል»፣ «ወንበሩ ከፍ ብሎ አይቆምም»፣ ሰው በሰላሳ ዓይነት አፍ ያንኑ ችግር ይጠይቃል። መሣሪያው ለአንድ አባባል የሚሰጠውን ግምት ብቻ ያየ ሰው ይህን አያይም።

እኔም ውሌን ቀየርኩ። አሁን የምጠይቀው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ነው። ፍለጋውና ብሪፉ ለብቻው ይከፈላል። ብሪፉ ላይ ሳይስማሙ አንድ ቃል አልጽፍም። ማስተካከያ ሁለት ጊዜ ብቻ። ሁለት ደንበኞች በዚህ ምክንያት ሄዱ። ወንበር ሻጩ ቆዩ፣ እንዲያውም ሳይከራከሩ ፈረሙ። እፎይ አልኩ።

ዛሬ ጠዋት መልእክት ላኩልኝ።

«ወንድሜ፣ ያቺ የምትወርደዋ ወንበር ጽሑፍ በጣም ሠርታለች። እስቲ ወደ 2000 ቃል አሳድጋትና `office chair` የሚለውን 40 ጊዜ አስገባባት።»

መልሱን ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። አራተኛውን ስጀምር ነው ይሄ ሁሉ የወጣኝ።