የጄኔቲክስ ምዕራፍ ከፈተናው ይጀመር

ብዙ ጊዜ የባዮሎጂ መምህር የጄኔቲክስን ምዕራፍ የሚያቅደው መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ገልጦ ነው። ሜንዴል፣ አተር፣ ፑኔት ስኩዌር፤ ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ ፈተና ይወጣል። እኔ ይሄ ነገር መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ ተማሪው ምን መቻል እንዳለበት ይወሰን፣ ቀጥሎ መቻሉን የሚያሳየው ጥያቄ ይጻፍ፣ የክፍል ሥራው መጨረሻ ላይ ይምጣ።

«ተማሪው የውርስን ሕግ ያብራራል» የሚል ግብ ምንም አይጠቅምም፣ ምክንያቱም የትኛውም ፈተና ያሟላዋል። እንዲህ ቢባልስ፦ «ተማሪው የወላጆችን ጂን አይቶ የልጆችን ዕድል ይተነብያል፣ ትንበያው ስለ አንድ ልጅ ምን እንደሚል እና ምን እንደማይል ያስረዳል።» አሁን ጥያቄው ራሱ ይመጣል። አልቢኒዝም የሌለባቸው ባልና ሚስት ሁለቱም ጂኑን ተሸክመዋል፣ Aa እና Aa ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው አልቢኒዝም ኖሮበት ተወለደ። ሁለተኛው ላይ የመከሰት ዕድሉ ስንት ነው? ለምን?

ስኩዌሩን እንደ ውኃ የሚሞላ ተማሪ እዚህ ጋ ይሰናከላል። «ከአራቱ አንዱ ደርሷል፣ የቀሩት ሦስቱ ነፃ ናቸው» ይላል። መልሱ ግን አሁንም 1/4 ነው፤ እያንዳንዱ ፅንስ ሲፈጠር ዕጣው እንደ አዲስ ይወጣል፣ ያለፈውን ልጅ አያስታውስም። «የAa × Aa ሬሾ ስንት ነው?» የሚለው የምርጫ ጥያቄ ይህን ስህተት ፈጽሞ አይዝም።

ጥያቄው ከታወቀ የክፍል ሥራው አያስቸግርም። ሁለት ሁለት ሳንቲም ስጧቸው፣ በፕላስተር አንዱ ገጽ ላይ A፣ ሌላው ላይ a ይጻፍ። አንዱ ሳንቲም አባት፣ ሌላው እናት ነው። አንድ ላይ ሲወረወሩ አንድ ልጅ ይወጣል፣ አራት ውርወራ አንድ ቤተሰብ ነው። ልክ አንድ aa የሚወጣባቸው ቤተሰቦች ከግማሽ ያነሱ ናቸው፣ ወደ 42 በመቶ ገደማ፤ አንዳንዱ ቤት ምንም አይወጣም፣ ሌላው ቤት ሁለት ይወጣል። ከዚያ የክፍሉ ውጤት ይደመር። 20 ቡድን 20 ጊዜ ቢወረውር 400 ልጅ ነው፣ aa ወደ 100 ይጠጋል። ዋናው ነገር ግን ቀጥሎ ነው፦ aa ከወጣ በኋላ ወዲያው የመጣው ማን ነበር? ያንን ለይተው ሲቆጥሩ እንደገና ሩብ አካባቢ ያገኛሉ። ሜንዴል የቆጠራቸው 5,474 ክብና 1,850 የተጨማደዱ አተሮችም ትርጉም የሚያገኙት ከዚህ በኋላ ነው።

በባለቀለም ወረቀት የዲኤንኤ ሞዴል መሥራት ያምራል፣ ለዚህ ግብ ግን ምንም ስለማይሠራ ይውጣ።

እርማቱም ግቡን ይከተል። «1/4» በግምትም ይመጣል፣ ስለዚህ ከአራት ማርክ አንዱን ለቁጥሩ፣ ሦስቱን ለምክንያቱ ስጡ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ክፍል ደግሞ ተማሪው ምክንያቱን በአማርኛ ወይም በሥዕል እንዲያስረዳ ይፈቀድለት፤ አለዚያ የለካችሁት እንግሊዝኛውን ነው።