ገልብጦ ማደር የመሰለ ምን አለ!

የሰው ወርቅ አያደምቅም ያሉት አባቶቻችን ቴሌግራም አልነበራቸውም። ቢኖራቸው ኖሮ ተረቱን ይሰርዙት ነበር። ዛሬ የሰው ወርቅ ያደምቃል፣ ያስጌጣል፣ ዲሊቨሪም አለው። ጽሑፉን በጣት ጫን፣ ኮፒ፣ ወደ ራስ ቻናል፣ ፔስት። ከዚያ ቡና መጠጣት። ይህን ሊቃውንቱ «ተፎካካሪን ማጥናት» ይሉታል፤ እኔም ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

የዘርፉ ቁንጮ የምለው አንድ የባልትና ነጋዴ አለ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ በቴሌግራም ይሸጣል። ተፎካካሪው በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ናቸው። ደንበኞቻቸውን «ልጆቼ» እያሉ ነው የሚጽፉት። የኛ ሰው ይህን አጠና። ጥናቱ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጀ። በማግስቱ ያ ጢሙን ያንዠረገገ ጎረምሳ «ልጆቼ፣ እናታችሁ ዛሬ ወፍጮ ቤት ውላ መጣች» ብሎ ለጠፈ። ይህ ነው እንግዲህ የድምፅ ቃና ጥናት! ደውለው «እማማ እንደምን አሉ» የሚሉ ደንበኞች ወፍራም የወንድ ድምፅ ሲመልስላቸው መደንገጣቸው የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ለጋስነቱንም ላንሳ። አንዴ ሲገለብጥ የእናትየውን ስልክ ቁጥር ከግርጌው ሳያወጣ ረሳው። ሦስት ቀን ሙሉ ትዕዛዙ ወደ እሳቸው ጎረፈ። ለተፎካካሪው ነፃ ማስታወቂያ የሚሠራ ነጋዴ ከየት ይገኛል?

ሲበዛ ትጉህም ነው። እናትየው መረራቸውና ከቻናላቸው ጽሑፍ ኮፒ እንዳይደረግ ዘጉት፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። እሱ ግን እጅ አልሰጠም። በሌላ ስልክ ፎቶ እያነሳ፣ ፊደል በፊደል እየለቀመ ጻፈው። «ኮረሪማ» በየመሐሉ «ኮሪማ» ሆናለች። በዚያ ጊዜ ውስጥ የራሱን ሁለት ጽሑፍ ይጽፍ ነበር የሚል ምቀኛ አይጠፋም።

ሕጉንም ያውቃል ማለት ነው፣ በራሱ መንገድ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ለሁሉም ክፍት ትቶ አገላለጽን ይጠብቃል። ስለ ሽሮ መጻፍ ማንም ይችላል። የእናትየው ዓረፍተ ነገር ግን የእሳቸው ነው። ጀግናችን ክፍት የተተወውን እዚያው ትቶ የተጠበቀውን ብቻ ወሰደ። የተከፈተ በር እያለ በመስኮት መግባት ወኔ ይጠይቃል።

አሁን ደግሞ ስለ አንዲት ምስኪን ላውራ። እሷም ባልትና ትሸጣለች፤ እሷም የእናትየውን ቻናል ታያለች። ግን ኮፒ ማድረግ የማትችል ሴት ናት። ደብተር ይዛ ተቀመጠች! የአንድ ወቅት ጽሑፎችን ብቻ አላየችም። ከሁዳዴ በፊት ጀምራ እስከ ፋሲካ ማግስት ያለውን ወደ አርባ ገደማ መረጠች። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ዓረፍተ ነገሩን ሳይሆን ሥራውን ጻፈች፤ «ዋጋ ይናገራል»፣ «አሠራር ያሳያል»፣ «የደንበኛ ጥያቄ ይመልሳል»፣ «ወጥ ያስተምራል»። ይህን ያህል ልፋት!

ከዚያ ምን አገኘች መሰላችሁ? እናትየው ስለ ሽሮ የሚጽፉት ጾሙ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። በርበሬን የሚያነሱት ሰው ለፋሲካ ዶሮ ሲያስብ ነው። ስለዚህ የቻናሉ ርእስ ሽሮም በርበሬም አይደለም፤ «በሚቀጥለው ሳምንት ከማጀትሽ ምን ይጎድላል» የሚል ነው ብላ ጻፈች። ጀግናችን እንዲህ ያለ ፍልስፍና ውስጥ አይገባም። እሱ «ጾሙ ሳይገባ ሽሯችሁን ያዙ» የሚለውን የለጠፈው በሰሙነ ሕማማት ነው። ለሚቀጥለው ዓመት አስቦ ይሆናል።

ምስኪኗ እይታውንም መረመረች፤ እናትየው ኮፒውን ከመዝጋታቸው በፊት ነበር። ከጽሑፉ ሥር ያለችውን የዓይን ምልክት ታውቋታላችሁ። ቁጥሯ ሌላ ቦታ ፎርዋርድ ተደርጎ የታየውንም ትደምራለች። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ በዚያው ሰሞን ከወጡት ጎረቤቶቹ በእጅጉ ከበለጠ፣ ሰው ለሰው እያቀበለው ነው ማለት ነው። የትናንቱን ከአምና ጋር ማወዳደር ግን አያዋጣም፤ የቆየ ሲታይ ይከርማል። ደግሞ ዓይኗ ያየውን እንጂ የገዛውን አትቆጥርም። ይህን ሁሉ አስልታ የደረሰችበት፣ የዋጋ ዝርዝሩ ሳይሆን «ወጤ ለምን መረረ» ለሚል ደንበኛ የተሰጠው መልስ እንደበለጠ ነው። በርበሬው ውሃ ጠብ ሳይደረግለት ዘይት ላይ ሲቆይ ያርራል፤ ይኸው ነው መልሱ። ሰው ይህን ለእህቱ ይልካል። የዋጋ ዝርዝር ለእህቱ የሚልክ የለም።

ቃናውን ስትመረምር ደግሞ እንደ ሰዋስው መምህር ሆነች። እናትየው «እናንተ» ነው የሚሉት ወይስ «አንቺ»? ዋጋው መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ መጨረሻ? ዓረፍተ ነገራቸው ስንት ቃል አለው? ምን ብለውስ አያውቁም? «ልዩ ቅናሽ» የሚል አንድም ቦታ አላገኘችም። «ፍጠኑ» የሚልም የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የሚበልጠው ግኝት ይህ ነበር፤ ሰው የማይለው ነገር ከሚለው በላይ ማንነቱን ያሳብቃል። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ያልተጻፈ ነገር ኮፒ አይደረግ!

ከዚያ ደብተሩን ዘጋች። እዚህ ላይ ነው ጀግናችን ሆዱን ይዞ የሚስቀው። ደብተር ዘግቶ ከጭንቅላት መጻፍ? ስትጽፍ «ልጆቼ» አላለችም፤ ልጅም የላትም። አጭር አጭር አድርጋ፣ በ«እርስዎ»፣ ትንሽ ኮስተር ብላ ጻፈች። ጽሑፉን ስሟን ደብቃ ለእህቷ አነበበችላት። እህቷ «ይሄ የእማማ አይደል እንዴ?» ያለችውን ጣለችው። ሁለተኛውንም ጣለች። ሦስተኛው ላይ እህቷ «ይሄማ አንቺ ስትቆጪ ነው» አለቻት። እሱን ለጠፈችው።

ርእሱንስ ከየት አመጣችው? ከእናትየው ጽሑፍ አይደለም፤ ከሥሩ ካለው አስተያየት ነው። «ለአሜሪካ መንገደኛ በሻንጣ እንዴት ይታሸጋል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። መልሱ ሁልጊዜ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ነው። ምስኪኗ አየር የሚመጥጥ የማሸጊያ ማሽን ነበራት። በርበሬው ከወፍጮ እንደመጣ ትኩስ እንደሆነ አይታሸግም፤ ያልባል፣ ይሻግታል። መጀመሪያ ተዘርግቶ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በአንድ በአንድ ኪሎ ይታሸግ፤ አንዱ ቢቀደድ ሻንጣው ሙሉ በርበሬ አይሆንም። ፌስታሉ ላይ ስሙና የታሸገበት ቀን ይጻፍ። ይህንኑ በስምንት ዓረፍተ ነገር ጻፈችው፣ ማሽኑንም በፎቶ አሳየች። ከዋሽንግተን ሳይቀር «ለእናቴ ንገሩልኝ» የሚል መልእክት ይመጣላት ጀመር።

ጀግናችን ታዲያ ዝም ብሎ አያይም። ባለፈው ሳምንት ጽሑፉን እንዳለ ለጥፎታል፤ «ማሽናችን» የሚለውም አልቀረም። ማሽን የለውም። ሐሙስ ዕለት አንድ መንገደኛ አምስት ኪሎ ታሽጎ ይዘጋጅልኝ ብሎ አስተያየት ላይ ጻፈለት፤ በረራው ቅዳሜ ነው። ጀግናችን ወዲያው መለሰ። «ልጄ፣ በውስጥ መስመር አናግረኝ።»